የጭንቀት መድኃኒት ሲመረጥ፦ መቼ ይሠራል፣ ምኑን ያስታግሳል፣ እንዴትስ ይቆማል?

ሰውየው ሁለት መድኃኒት ታዞለት ነበር የመጣው። አንዱ በየቀኑ ጠዋት የሚወሰድ ሰርትራሊን ነው፤ ሌላው ለአሥር ቀን ብቻ ማታ ማታ የሚወሰድ ዲያዜፓም። በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ ፋርማሲያችን መስኮት ተመልሶ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዶክተር፣ እኔን ያዳነችኝ ትንሿ ክኒን ናት። ትልቋ ከማቅለሽለሽ በቀር ያደረገችልኝ ነገር የለም። ትልቋን ልተዋትና ትንሿን ጨምርልኝ" አለኝ።

ዶክተር አይደለሁም፤ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል እንጂ ፋርማሲስት ነኝ። ሰውየው ያየው ነገር ግን እውነት ነው። ዲያዜፓሙ በመጀመሪያው ሌሊት አስተኝቶታል፤ ሰርትራሊኑ በአሥር ቀን ውስጥ ምንም የረባ ነገር አላሳየውም፤ ጭራሽ ሆዱን አውኮታል። ችግሩ ድምዳሜው ላይ ነው። ከሁለቱ አንዱ ለአሥር ቀን የታዘዘው ቶሎ ስለሚደርስ ነው፤ ሌላው ለወራት የታዘዘው ዘግይቶ ስለሚደርስ። "ቶሎ ሠራልኝ" የሚለውን መለኪያ ብቻ ይዞ የሚመርጥ ሰው፣ ሁልጊዜ ለመተው የሚያስቸግረውን መድኃኒት ይመርጣል።

ይህን ንጽጽር የጻፍኩት እንዲህ ግራ ለሚጋቡ ሰዎች ነው። መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሐኪም ነው። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ግን ምን መጠየቅ እንዳለብዎ አውቀው ቢሄዱ ነገሩ ይቀላል።

## በምን እንለካቸው?

ስም ከማንሳታችን በፊት መለኪያዎቹን እናስቀምጥ። እኔ አራት ነገር አያለሁ።

የመጀመሪያው መድኃኒቱ መሥራት የሚጀምርበት ጊዜ ነው፤ በደቂቃ፣ በቀን ወይስ በሳምንት? ሁለተኛው የሚያስታግሰው የጭንቀት ገጽ ነው። ጭንቀት የሐሳብ ገጽ አለው፤ "ምን ሊመጣብኝ ነው" እያለ የማያስተኛው። የሰውነት ገጽም አለው፤ የልብ መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ። አንዳንዱ መድኃኒት አንዱን ነክቶ ሌላውን ይተወዋል። ሦስተኛው ሳይጎዳ ለምን ያህል ጊዜ ሊወሰድ ይችላል የሚለው ነው።

አራተኛውን ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። መድኃኒቱ እንዴት ይቆማል? ሁሉም መድኃኒት አንድ ቀን ይቆማል፤ ስላዳነ፣ ስላልሠራ፣ እርግዝና ስለታሰበ ወይም ከገበያ ስለጠፋ። እንዴት እንደሚቆም ገና ሲጀመር መታወቅ አለበት።

በነገራችን ላይ፣ ከመለኪያዎቹም በፊት የሚቀድም አንድ ነገር አለ። የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ ከታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ ከአስም መንፊያው ከሳልቡታሞል ወይም ከበዛ ቡና ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ ደም ልመርምር ሲል "እኔ የተጨነቅኩት በሐሳብ ነው" ብለው አይከራከሩ።

## ዘግይተው የሚደርሱት፦ ሰርትራሊን፣ ኤሲታሎፕራም፣ ፍሉኦክሴቲንና ቤተሰቦቻቸው

እነዚህ "የድብርት መድኃኒት" በሚል ስም ስለሚታወቁ፣ ለጭንቀት የታዘዘለት ሰው ወረቀቱ ላይ አንብቦ ይደነግጣል። ስማቸው የመጣው መጀመሪያ ከተፈቀዱበት ሕመም ነው። ለወራት በዘለቀ ጭንቀት፣ በድንገተኛ የፍርሃት ጥቃትና ሰው ፊት በመቅረብ ፍርሃት ላይ አብዛኞቹ የሕክምና መመሪያዎች ቀድመው የሚጠሩት እነዚህን ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክት ሲልክ ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይረጫል፤ ወዲያው ደግሞ የረጨውን መልሶ ይሰበስባል። መድኃኒቱ መልሶ የሚሰበስብበትን በር ይዘጋል፤ ሴሮቶኒኑ ውጭ ላይ ይበረክታል። በሩ የሚዘጋው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ለውጡ ግን በሳምንታት የሚታየው አንጎል ለአዲሱ ሁኔታ ራሱን ቀስ እያለ ስለሚያስተካክል ነው። የመጀመሪያው መሻሻል ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ሙሉ ውጤቱን ለመፍረድ በበቂ መጠን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ያስቸገረው ነገር፣ የጎንዮሽ ስሜቱ ከጥቅሙ ቀድሞ መምጣቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ አንዳንዴም ከበፊቱ የባሰ መቁነጥነጥ ይኖራል። ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ያለበት ሰው ይህን ሲያይ መድኃኒቱ የገደለው ይመስለዋል። ለዚህ ነው ሰርትራሊን ብዙ ጊዜ በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ከሳምንት በኋላ ወደ 50 የሚወጣው። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ ከምግብ ጋር መውሰድም ይረዳል። የማይለቀውና ሰው ለመናገር የሚያፍርበት ደግሞ የወሲብ ስሜት መቀነስና እርካታ መዘግየት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ለማንም ሳይናገር ያቆማል። ቢናገር ኖሮ መጠኑ ሊቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችል ነበር።

ሦስት ማሳሰቢያ አለኝ። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠን ሲቀየር ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊበዛባቸው ስለሚችል የቅርብ ሰው ሊከታተላቸው ይገባል፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ከመጣ በማንኛውም ዕድሜ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይኬዳል። ሁለተኛ፣ ከአይቡፕሮፌንና ከዲክሎፌናክ ጋር አዘውትሮ መውሰድ የጨጓራ መድማትን ያበዛል። ሦስተኛ፣ ትራማዶል ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒን ከልክ በላይ ሊጨምርና ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊያመጣ ይችላል። የጀርባ ሕመም ማስታገሻ ሲገዙ የጭንቀት መድኃኒቱን መጥቀስ የማይረሳ ይሁን።

በቤተሰቡ ውስጥ ዋናው ልዩነት ጥንካሬ አይደለም፤ ከሰውነት የሚወጡበት ፍጥነት ነው። ሰርትራሊን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ፓሮክሴቲንም አንድ ቀን ያህል ነው፤ ሲቆም ግን ከሁሉም ይበልጥ ከሚያስቸግሩት አንዱ ነው። ፍሉኦክሴቲን ደግሞ እሱና ከእሱ የሚወለደው ንጥረ ነገር ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ስለሚቆዩ አንድ ቀን ተረስቶ ቢቀር ሰውነት አያውቀውም። የአጎታቸው ልጅ ቬንላፋክሲን ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ በሰዓታት ስለሚወርድ የጠዋቱ ክኒን ከተረሳ ማታ ላይ ማዞር የሚጀምራቸው ሰዎች አሉ። መድኃኒት የመርሳት ልማድ ያለበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሊነግረው የሚገባው ለዚህ ነው።

## ቶሎ የሚደርሱት፦ ዲያዜፓም፣ አልፕራዞላም፣ ሎራዜፓም፣ ክሎናዜፓም

ሰውየው ጨምርልኝ ያለኝ ከእነዚህ አንዱን ነው። በጅምላ ቤንዞዲያዜፒን ይባላሉ። አንጎል ራሱን የሚያረጋጋበት ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ እነዚህ መድኃኒቶች የጋባን ድምፅ ከፍ ያደርጉታል። ክኒኑ ከተዋጠ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ጡንቻ ይላላል፣ ሐሳብ ይረግባል፣ እንቅልፍ ይመጣል። በዚህ የሚወዳደራቸው የለም።

ችግሩ አንጎል ዝም ብሎ አለመቀመጡ ነው። ድምፁ ከውጭ ሲጨመርለት እሱ በበኩሉ መስማቱን ይቀንሳል። ጥቂት ሳምንታት በየቀኑ ሲወሰድ ያው ክኒን እንደ በፊቱ አያስተኛም፤ ሲቀርም አንጎል የራሱን ጋባ በደንብ መስማት አቅቶት ይቀራል። ያን ጊዜ የሚመጣው ጭንቀት ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ሰውየውም "ያለ መድኃኒቱ መኖር እንደማልችል ይኸው ታየ" ብሎ ይደመድማል። በየቀኑ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በላይ አይወሰዱ የሚባለው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝሩን ሲያሻሽል ዲያዜፓምን ለጭንቀት ያስቀመጠው ለአጣዳፊና ለከባድ ምልክት፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ብቻ ብሎ ነው፤ ፍሉኦክሴቲንን ደግሞ ለጭንቀት ሕመም ጨምሮታል።

ጥገኝነት መጀመሩን እኔ የማውቅበት ምልክት አለ። ማታ የነበረችው ክኒን ቀን ላይም መፈለግ ትጀምራለች። አልፕራዞላም በተለይ ቶሎ ስለሚወርድ፣ ከአንዱ ክኒን እስከ ሌላው ባለው ሰዓት መሐል ጭንቀቱ ብቅ ይላል፤ ሰውየው ሰዓት ማየት ይጀምራል። የሰላሳ ቀኑ ማሸጊያ በሃያ ሁለተኛው ቀን ካለቀ ነገሩ ግልጽ ነው።

ከአልኮል፣ ከሞርፊን፣ ከኮዴይን ወይም ከትራማዶል ጋር ሲደባለቁ ትንፋሽን ሊያቆሙ ይችላሉ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ መውደቅና የዳሌ አጥንት መሰበርን ያመጣሉ፤ ማስታወስንም ያደበዝዛሉ። የወሰደ ሰው መኪና መንዳት የለበትም።

እንዲህ ስል መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሰርትራሊኑ እስኪደርስ ያሉትን ከባድ ሁለት ሳምንታት ለማለፍ፣ ወይም በዓመት አንዴ አውሮፕላን ለሚሳፈር በጣም ለሚፈራ ሰው ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ።

## ሰውነትን ብቻ የሚያረጋጋው ፕሮፕራኖሎል

ፕሮፕራኖሎል የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ነው። አድሬናሊን ልብ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ፣ ፍርሃቱ ቢመጣም ልብ አይዘልም፣ እጅ አይንቀጠቀጥም። ንግግር ወይም የቃል ፈተና ያለበት ሰው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ሚሊግራም ይታዘዝለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ያለበት ግን ፈተናው ቀን አይደለም፤ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። ግፊቱ ወርዶ የሚያዞረው ሰው አለና።

ሌሊቱን ሙሉ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጤናው እያሰበ ለሚያነጋ ሰው ግን ይህ መድኃኒት ብዙም አይረዳም። ልቡ በዝግታ እየመታ ያስባል እንጂ ማሰቡን አያቆምም። አስም ያለበት ሰው በፍጹም መውሰድ የለበትም፤ የመተንፈሻ ቧንቧን ያጠባል። የስኳር ታማሚ ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነም ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀውን የልብ መምታት ይደብቅበታል። ሲፈለግ ብቻ የሚወሰድ ከሆነ ለመተው ችግር የለውም፤ በየቀኑ ሲወሰድ የቆየ ከሆነ ግን ቀስ በቀስ ይቀነሳል፣ በተለይ የልብ ሕመም ላለበት።

## የቀሩት በአጭሩ

ቡስፒሮን በየቀኑ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚወሰድ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚዘገይ፣ ጥገኝነት የማያመጣ መድኃኒት ነው። ለማያቋርጥ ስጋት ይረዳል፤ ለድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት አይረዳም። "ሲጨንቀኝ አንድ ልውሰድ" ብሎ የያዘው ሰው ምንም አያገኝበትም።

ሃይድሮክሲዚን የአለርጂ መድኃኒት ሲሆን እንቅልፍ በማምጣት በሰዓት ውስጥ ያረጋጋል። ሱስ አያሲዝም፤ ቀን ላይ ግን ያደነዝዛል፣ የልብ ምት መዛባት ላለባቸውም አይሆንም።

ፕሪጋባሊን በአንዳንድ አገሮች ለጭንቀት የተፈቀደ ነው። በአንድ ሳምንት ገደማ ስለሚጀምር በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይቆማል። ማዞርና ክብደት መጨመር አለው፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ይቀነሳል፣ ጥገኝነትም ያመጣል። "ሱስ የለውም" ብሎ የሚሰጥ ሰው ቢገጥምዎ አይመኑት።

አሚትሪፕቲሊንና ኢሚፕራሚን የቆዩ ናቸው። በተለይ ኢሚፕራሚን ለድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ይሠራል፤ አፍ ማድረቅና ሆድ ድርቀት ያበዛሉ። ከመጠን በላይ ከተወሰዱ ልብን ስለሚያቆሙ፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ላለበት ሰው ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አደገኛ ነው።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| መድኃኒት | የሚጀምረው | የሚያስታግሰው | የሚወሰድበት ጊዜ | ሲቆም |
|---|---|---|---|---|
| ሰርትራሊን፣ ኤሲታሎፕራም | 2–6 ሳምንት | ሐሳብንም ሰውነትንም | ለወራት፣ ለዓመታትም | በሳምንታት ወይም በወራት ቀስ እያለ |
| ፍሉኦክሴቲን | 2–6 ሳምንት | ሐሳብንም ሰውነትንም | ለወራት፣ ለዓመታትም | ከቤተሰቡ ሁሉ የሚቀለው |
| ፓሮክሴቲን፣ ቬንላፋክሲን | 2–6 ሳምንት | ሐሳብንም ሰውነትንም | ለወራት፣ ለዓመታትም | ከቤተሰቡ የሚከብዱት |
| ዲያዜፓም፣ አልፕራዞላም | ከ30–60 ደቂቃ | ሁለቱንም፣ ለሰዓታት | ከ2–4 ሳምንት ያልበለጠ | ከቆየ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው |
| ፕሮፕራኖሎል | ከ30–60 ደቂቃ | ሰውነትን ብቻ | ሲፈለግ | ሲፈለግ ብቻ ከተወሰደ ቀላል |
| ቡስፒሮን | 2–4 ሳምንት | በዋናነት ሐሳብን | ለወራት | ቀላል |
| ሃይድሮክሲዚን | በሰዓት ውስጥ | መቁነጥነጥንና እንቅልፍ ማጣትን | ለአጭር ጊዜ | ቀላል |
| ፕሪጋባሊን | 1 ሳምንት ገደማ | ሁለቱንም | በክትትል | ቀስ እያለ፣ ቢያንስ በሳምንት |

## ለማን የቱ?

ጭንቀቱ ወራት ያስቆጠረና ሥራና እንቅልፍ የነሳው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሰርትራሊንን ወይም ኤሲታሎፕራምን ነው። ክኒን የሚረሳ ከሆነ ፍሉኦክሴቲን ይሻለዋል። መድረክ ላይ ብቻ የሚንቀጠቀጥ፣ አስም የሌለበት ሰው ፕሮፕራኖሎልን ያነሳል። ከዚህ በፊት በአልኮል ወይም በማስታገሻ ጥገኝነት የተቸገረ ሰው ለሐኪሙ በግልጽ ተናግሮ ከዲያዜፓምና ከፕሪጋባሊን ቢርቅ ይመረጣል፤ ቡስፒሮን የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ነፍሰ ጡር ወይም ልታረግዝ ያሰበች ሴት ሳትጀምር ትጠይቅ፤ ጀምራ ከሆነ ግን ደንግጣ በራሷ አታቁም።

ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ሁሉ የባለቤትነት መብታቸው ጊዜው ያለፈ ስለሆነ በጄነሪክ ስም ይገኛሉ፤ ውድ ማሸጊያ ውስጥ ያለው ሰርትራሊንም ያው ሰርትራሊን ነው። እኔ ከዋጋው ይበልጥ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይገኛል ወይ? ትንንሽ መጠኑ ወይም ፈሳሹስ አለ? ዛሬ ርካሽ ሆኖ በሚቀጥለው ወር የሚጠፋ መድኃኒት በድንገት ከማቆም አይለይም። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይግዙ እንጂ የመጨረሻዋ ክኒን እስክትዋጥ አይጠብቁ።

## የማቆሙ ነገር በአንድ ሴት ታሪክ

ብዙ ያየሁትን በአንድ ሰው ላይ ሰብስቤ ላሳይ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ሰርትራሊን 100 ሚሊግራም ለአሥራ አራት ወር ወሰደች። ከዳነች ዓመት ሊሞላት ነው። አንድ ቀን ማሸጊያው አለቀ፣ "ድኛለሁ እኮ" ብላ ሌላ ሳትገዛ ቀረች።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ማብቂያ በደሟ ውስጥ የቀረው ሩብ ያህል ነው። በሦስተኛው ቀን አንገቷን ወደ ጎን ስታዞር ጭንቅላቷ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካት ያህል ነዘራት። ሌሊት በቅዠት ተሞላ፤ ቀን በትንሽ ነገር አለቀሰች፤ ሆዷ ታወከ። በአምስተኛው ቀን፣ "በሽታዬ ተመለሰ፤ ዕድሜ ልኬን ልወስድ ነው ማለት ነው" አለች።

አልተመለሰም። የመድኃኒቱን መቋረጥ ከሕመሙ ማገርሸት የሚለዩ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ ጊዜው ነው፤ የማቋረጥ ምልክት በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ የሚያገረሽ ጭንቀት ግን በሳምንታትና በወራት ቀስ ብሎ ይገባል። ሁለተኛ ዓይነቱ ነው፤ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገርና ማዞር ከመጀመሪያ ሕመሟ ውስጥ አልነበሩም። ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ሲመለስ የማቋረጥ ምልክት ብዙውን ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ይጠፋል፤ ያገረሸ ሕመም ግን እንደገና ሳምንታት ይፈልጋል። ሐኪሟን ጠይቃ 100 ሚሊግራሙን ስትመልስ በሁለተኛው ቀን ንዝረቱ ጠፋ።

ከዚያ አወራረዱ ታቀደ። ወደ 75፣ ከዚያ ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 25፤ በእያንዳንዱ ላይ አራት አራት ሳምንት። እዚህ ድረስ ቀላል ነበር። ከ25 ወደ 12.5፣ ማለትም ወደ ግማሽ ክኒን ስትወርድ ግን ማዞሩ ተመለሰ። "100 የነበርኩት ሰው ግማሽ ክኒን እንዴት ይከብደኛል?" ማለቷ አይገርምም።

መልሱ ከበሮቹ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ትንሽ መጠን ብዙ በር ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው የሚዘጋው ጥቂት ነው። የቅርብ ዘመዱን ሲታሎፕራምን ብንወስድ፣ 20 ሚሊግራም ከበሮቹ 80 በመቶ ያህሉን ይዘጋል። መጠኑ በግማሽ ሲቀንስ የተዘጋው ወደ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ይወርዳል። ከጥቂት ሚሊግራም ወደ ዜሮ ሲወረድ ግን ግማሽ ያህሉ በር በአንድ ጊዜ ወለል ይላል። ደረጃው ከላይ ሰፊ፣ ከታች ገደላማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ከሁሉም ያነሱ መሆን አለባቸው።

ሴትየዋ ወደ 25 ተመልሳ ሦስት ሳምንት ረጋች። ከዚያ በፈሳሽ የሚለካውን ዝግጅት በመርፌ አልባ ሲሪንጅ እየለካች 20፣ 15፣ 10፣ 5፣ 2 እያለች ወረደች። በአጠቃላይ ስምንት ወር ገደማ ፈጀባት። ብዙ ሰው ከዚህ በጣም ባነሰ ጊዜ ያለ ምንም ችግር ያቆማል፤ በተለይ ለጥቂት ወራት ብቻ የወሰደ። ማን እንደሚቸገር ግን አስቀድሞ ስለማይታወቅ ፍጥነቱን የሚወስነው ምልክቱ እንጂ የቀን መቁጠሪያው መሆን የለበትም።

አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል መቀነስ አይደለም። መድኃኒቱ በየቀኑ ከፍና ዝቅ እያለ አንጎልን ያንገላታዋል። ቀስ ብሎ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ የቬንላፋክሲን ክኒንም አይሰበርም፤ የቀኑ መድኃኒት በአንዴ ይለቀቃል።

## ቤንዞዲያዜፒንን ማቆም የተለየ ነው

የሰርትራሊን መቋረጥ ያሠቃያል፤ የቤንዞዲያዜፒን ድንገተኛ መቋረጥ ግን ሊገድል ይችላል። አልፕራዞላም 0.5 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለስምንት ወር የወሰደ ሰው አስቡ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ወደ ዲያዜፓም ሲቀየር ግን በግምት 30 ሚሊግራም ነው። ይህ ሰው ዛሬ ቢያቆም ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እንቅልፍ ያጣል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃንና ድምፅ ይከብደዋል። ከዚያም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል።

ስለዚህ በሐኪም ክትትል፣ አንዳንዴ ረዘም ላለ ጊዜ ወደሚቆየው ዲያዜፓም ተቀይሮ ይቀነሳል። ብዙ ጊዜ መነሻው በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ በወቅቱ ካለው መጠን ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ25 በመቶ በላይ መቀነስ አይመከርም። በዚህ አካሄድ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። የሚቃዥ፣ የሌለ ነገር የሚያይ ወይም የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል።

ለሰውየው በመስኮቱ በኩል ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ ከኋላው ሰልፍ ነበር። "ጋሼ፣ ትልቋ ገና መንገድ ላይ ናት፤ አራት ሳምንት ይስጧትና ሐኪምዎን ሳያዩ አያቁሟት። ትንሿ ግን ጨርሳለች" አልኩት። አልተደሰተም። በሰባተኛው ሳምንት ሰርትራሊኑን ሊገዛ ሲመጣ፣ እንቅልፉ ተስተካክሎ፣ "አሁን ድኛለሁ፤ እስከ መቼ ነው የምወስዳት?" አለኝ። አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት እንደሆነ፣ የሚቆጠረውም ከጀመረበት ቀን ሳይሆን ደህና ከሆነበት ቀን እንደሆነ ነገርኩትና የዕለቱን ቀን ማሸጊያው ላይ ጻፍኩለት።